አንዴ `A`፣ አንዴ ሌላ፦ በቪኤችዲኤል የሠራነው ዩአርት አስተላላፊ

የላብራቶሪው ወረቀት የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። የቦርዱ መሐል ቁልፍ ሲጫን `A` የምትለው ፊደል በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ትውጣ። ረቡዕ ማታ ጀመርን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲሙሌሽኑ ያማረ ሆኖ ስላየነው ሥራው አለቀ ብለን ቡና አፈላን። ማታ እውነተኛው ቦርድ ላይ ስንጭነው ግን ቁልፉን ሃያ ጊዜ ተጭነን `A` የወጣችው ዐሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። በቀሩት ዘጠኝ ጊዜያት የወጣው ምን እንደሆነ የማይታወቅ ምልክት ነው። ፈታኙ ደግሞ እሑድ ጠዋት መጥቶ የሚጫነው አንዴ ነው፤ ነጥቡም የሚሰጠው በዚያች አንዲት ጊዜ ነው።

አራት ነን። ሁለታችን ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ፣ አንዳችን ኮምፒዩተር ሳይንስ እንማራለን። አራተኛዋ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ናት፤ በመዖኖቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሌላ ጠረጴዛ ስላልነበረ ከእኛ ጋር ተቀምጣ የራሷን ሴሚናር ትጽፍ ነበር። ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው የእሷ እጅ ነው። ሦስታችን ብንጽፈው ማንም አይረዳውም ብላ ብዕሩን ቀማችን፤ የማይገባትን ዓረፍተ ነገርም አላሳለፈችልንም።

ዩአርት ማለት ባይትን በአንዲት ሽቦ ቢት በቢት እያሰለፉ የመላኪያ ዘዴ ነው። ነገሩን የሚያስቸግረው ከሽቦዋ ጋር አብሮ የሚሄድ ክሎክ አለመኖሩ ነው። ላኪው «አሁን አንብብ» የሚልበት ሌላ ሽቦ የለውም። ላኪና ተቀባይ አስቀድመው የሚስማሙት አንድ ቢት ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ብቻ ነው። በእኛ ሥራ የተመረጠው ፍጥነት በሰከንድ 115200 ቢት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቢት በሽቦዋ ላይ 8.68 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቆያል።

ምንም በማይላክበት ጊዜ ሽቦዋ 1 ላይ ትቀመጣለች። ባይት ሊላክ ሲል መጀመሪያ ለአንድ ቢት ጊዜ ወደ 0 ትወርዳለች። ይህ መነሻ ቢት ይባላል። ከዚያ ስምንቱ የባይቱ ቢቶች ይከተላሉ፤ መጀመሪያ የሚወጣውም በቀኝ ጫፍ ያለው ትንሹ ቢት ነው። በመጨረሻ ሽቦዋ ለአንድ ቢት ጊዜ ወደ 1 ትመለሳለች፤ ይህም ማብቂያ ቢት ነው። በጠቅላላው ዐሥር ቢት ማለት ነው።

ተቀባዩ የሚያደርገውን ካላወቃችሁ ኋላ የደረሰብን ነገር አይገባችሁም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ተቀባዩ ሽቦዋ ከ1 ወደ 0 የምትወርድበትን ቅጽበት ይጠብቃል። ልክ ስትወርድ የራሱን ቆጣሪ ከዜሮ ያስነሣል። ግማሽ ቢት ያህል ቆይቶ አንድ ጊዜ ያያል፤ ሽቦዋ አሁንም 0 ላይ ከሆነች «እውነተኛ መነሻ ነው» ብሎ ይቀበላል፣ 1 ሆና ካገኛት ግን ጫጫታ ነው ብሎ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ በየአንድ ቢት ልዩነት እያየ ስምንቱን ይመዘግባል። በግማሽ ስለጀመረ እያንዳንዱን ቢት የሚያየው ልክ በመሐሉ ላይ ነው። የሰዓቱ መነሻ እንግዲህ ያች የመውረድ ቅጽበት ብቻ ናት። ከእሷ በኋላ እስከ ባይቱ መጨረሻ ድረስ ሌላ መገናኛ የላቸውም።

አሁን ወደ ላኪው እንምጣ። የሠራንበት ቦርድ ቤሲስ 3 ነው፤ ክሎኩ በሰከንድ 100 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ከዚህ ፈጣን ምት ዝግ ያለውን የቢት ጊዜ ማውጣት የባውድ ሬት ጀነሬተር ሥራ ነው። ስሙ ትልቅ ይመስላል እንጂ ነገሩ ቆጣሪ ነው። ስንት ምት እንደሚቆጥር በማካፈል ይገኛል።

```
100000000 / 115200 = 868.06
```

ግማሽ ምት የሚባል ነገር ስለሌለ 868 እንወስዳለን። ቆጣሪው ከ0 እስከ 867 ይቆጥርና «አንድ ቢት አለቀ» ብሎ ወደ 0 ይመለሳል። የተጣለችው ክፍልፋይ ከ10000 አንድ እንኳ ስለማትሞላ ማንም አያያትም።

ሁለተኛው ክፍል ሺፍት ሬጂስተሩ ነው። ዐሥሩን ቢት በአንድ ጊዜ የሚይዝ መደርደሪያ ነው በሉት። ሽቦዋ የተያያዘችው ከቀኝ ጫፉ ጋር ነው። የቢት ጊዜ ባለቀ ቁጥር ሁሉም አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ይንሸራተታሉ፤ ጫፍ ላይ የነበረው ይወድቃል፣ ቀጣዩ ቦታውን ይይዛል፣ በግራ በኩል በተከፈተው ቦታ 1 ይገባል። ማንም ቀጣዩን ቢት እየፈለገ አይመርጥም፤ ተራ የደረሰው ራሱ ጫፍ ላይ ይገኛል።

`A` በቁጥር `01000001` ናት። በግራዋ ማብቂያው 1፣ በቀኟ መነሻው 0 ሲጨመር መደርደሪያው እንዲህ ይሞላል። ከቀስቱ በኋላ ያለው በሽቦዋ ላይ የሚታየው ነው።

```
1010000010 -> 0
1101000001 -> 1
1110100000 -> 0
1111010000 -> 0
1111101000 -> 0
1111110100 -> 0
1111111010 -> 0
1111111101 -> 1
1111111110 -> 0
1111111111 -> 1
```

የመጨረሻውን መስመር እዩት። ባይቱ ሲያልቅ መደርደሪያው ሙሉ በሙሉ 1 ሆኗል፤ ስለዚህ ሽቦዋ ያለ ተጨማሪ ሥራ በዕረፍት ቦታዋ ላይ ትቀራለች። በግራ 1 የምናስገባው ለዚህ ነው። ገና ኃይል ሲገባም መደርደሪያው በ1 መሞላት አለበት፤ በ0 ከጀመረ ተቀባዩ ያልተላከ ነገር የተላከ ይመስለዋል።

ረቡዕ ማታ የሠራነው የመጀመሪያ ስሕተት እዚሁ ላይ ነበር። ሰው ቁጥር የሚያነበው ከግራ ስለሆነ እኛም መደርደሪያውን ወደ ግራ አንሸራተትነው፤ ትልቁ ቢት ቀድሞ ወጣ ማለት ነው። በሲሙሌሽን የሞከርነው በ`B` ነበር፤ ለምን `B` እንደመረጥን ዛሬ ማናችንም አናስታውስም። በሥዕሉ ላይ ቢቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርናቸው፤ ልክ ናቸው። `B` በቁጥር `01000010` ናት፤ ከቀኝም አንብቧት ከግራ ያው ናት! በወረቀቱ ላይ ያለችውን `A` ስንሞክር ነው በሄክስ `41` መሆን የነበረበት `82` ሆኖ የተገኘው። `Z` እና `f`ም እንደ `B` ከሁለቱም ወገን አንድ ናቸው። ስለዚህ የቢት ቅደም ተከተል ትክክል መሆኑን ማወቅ የፈለገ በእነዚህ ፊደላት አይሞክር።

ያንን አስተካክለን ነው ወደ ቦርዱ የሄድነው። መጀመሪያ የጻፍነው ቆጣሪ ይህ ነበር። ብቻውን በራሱ ፕሮሰስ ውስጥ ተቀምጦ ከማንም ሳይጠየቅ ሁልጊዜ ይቆጥራል።

```vhdl
if rising_edge(clk) then
  if cnt = DIV-1 then
    cnt  <= 0;
    tick <= '1';
  else
    cnt  <= cnt + 1;
    tick <= '0';
  end if;
end if;
```

ሁለተኛው ፕሮሰስ ደግሞ `start` ሲመጣ ወዲያው መደርደሪያውን ይሞላል፤ ከዚያ `tick` በታየ ቁጥር አንዴ ያንሸራትታል። ሲነበብ ንጹሕ ይመስላል። ቆጣሪው የራሱ ሥራ አለው፣ መደርደሪያው የራሱ ሥራ አለው፤ በትምህርት ክፍልም የሚመሰገነው እንዲህ ያለ ክፍፍል ነው።

ሐሙስ ማታ ሃያው ሙከራ ካለቀ በኋላ ሦስታችን ሦስት የተለያየ ነገር ጠረጠርን። አንዱ ፍጥነቱ ተሳስቷል አለ፣ አንዱ ገመዱ ተበላሽቷል አለ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ቦርድ እንፈልግ አለ። አራተኛዋ ከሴሚናሯ ቀና ብላ «ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ? ሲበላሽስ በአንድ ዓይነት ነው የሚበላሸው?» ብላ ጠየቀች። በእሷ ሙያ ሰው መጥቶ «ልጄ አስቸገረኝ» ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው አለችን። ስንመልስላት ግማሹ ነገር ተፈታ። ፍጥነቱ ቢሳሳት ሁሉም ይበላሽ ነበር፤ 868ን በ50 ሚሊዮን ክሎክ ላይ የተጠቀመ ሰው ፍጥነቱ 57600 ስለሚሆን አንድም ትክክለኛ `A` አያይም። የቢት ተራ ቢገለበጥ ሁልጊዜ `82` ይወጣ ነበር። ገመዱ ቢበላሽ ስሕተቱ በየጊዜው ይለያይ ነበር። የእኛ ግን አንዳንዴ ብቻ ነው፤ ባይቱን በሄክስ በሚያሳይ ተርሚናል ስናየውም ሲበላሽ ሁልጊዜ `D0` ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር በግማሽ ያህሉ ሙከራ ይለወጣል፤ በተለወጠ ጊዜም ውጤቱ ያው ነው። ከሙከራ ወደ ሙከራ የሚለዋወጠው ምንድን ነው? ጣታችን የምትጫንበት ቅጽበት ብቻ።

ቆጣሪው ያለማቋረጥ ይቆጥራል ብለናል። ቁልፉ የተጫነው ቆጣሪው 10 ላይ እያለ ከሆነ መነሻው ቢት እስከ ቀጣዩ `tick` ድረስ 858 ምት ያህል ይቆያል፤ ይህ ሙሉ ሊባል ይችላል። 600 ላይ እያለ ከሆነ ግን የቀረው 268 ምት ነው። መነሻው ቢት 8.68 ማይክሮ ሰከንድ መቆየት ሲገባው 2.68 ብቻ ቆይቶ ያልፋል። ከእሱ በኋላ ያሉት ዘጠኙ ቢቶች እያንዳንዳቸው ሙሉ ናቸው። የሚያጥረው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንደሚያጥርም ዕጣ ነው።

ተቀባዩ ምን እንደሚያይ በ`A` እንከተለው። ሽቦዋ ወረደች፤ እሱ ሰዓቱን አስነሣ። ግማሽ ቢት፣ ማለትም 4.34 ማይክሮ ሰከንድ ቆይቶ ሲያይ መነሻው 2.68 ላይ አልቆ የ`A` የመጀመሪያ ቢት ሽቦዋ ላይ ወጥቷል። እሱም 1 ነው። ተቀባዩ «ጫጫታ ነበር» ብሎ ይተወውና ሌላ መውረድ ይጠብቃል። ቀጣዩ መውረድ ከ`A` የመጀመሪያ ቢት ወደ ሁለተኛው ሲታለፍ ነው፤ ሁለተኛው ቢት 0 ነውና እሱን መነሻ አድርጎ ይወስደዋል። ከዚያ የቀሩትን ስድስት ቢቶች፣ ማብቂያውን 1 እና ከእሱ በኋላ ያለውን የዕረፍት 1 ጨምሮ ስምንት ያደርጋቸዋል። ከትንሹ ጀምሮ ሲደረደሩ 0፣ 0፣ 0፣ 0፣ 1፣ 0፣ 1፣ 1 ናቸው። ወደ ቁጥር ስንመልሰው `11010000`፣ በሄክስ `D0`። ወረቀት ላይ ይህን ጽፈን ስክሪኑን ስናይ ያችው `D0` እዚያ ቁጭ ብላለች።

መነሻው ከግማሽ በላይ ከቆየ ተቀባዩ ያልፈዋል፤ ቢቶቹንም ከመሐላቸው ዘግየት ብሎ ቢሆንም እዚያው ውስጥ ሆኖ ያያቸዋል፤ `A` ትክክል ትወጣለች። ከግማሽ በታች ከሆነ `D0`። ከሃያው ዐሥራ አንዱ የተሳካው ለዚህ ነው፤ የሰው ጣት ከ868 ምት አንዱን መርጦ አይጫንም፤ ስለዚህ ግማሽ ለግማሽ ያህል ነው የሚሆነው።

ሲሙሌሽኑስ ለምን ዋሸን? አልዋሸንም። ቴስትቤንቹ `start`ን የሚያነሣው ሁልጊዜ ከተጀመረ 100 ናኖ ሰከንድ በኋላ ነበር፤ ማለትም ቆጣሪው 10 አካባቢ ሲደርስ። መነሻው ቢት በየሙከራው 8.58 ያህል ነበር። በዓይን ሲታይ ከሌሎቹ ቢቶች አይለይም፤ በመለኪያ መስመሩ ለክተነው ቢሆን ግን እዚያው እናገኘው ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀን አንድ ዓይነት መልስ አገኘን። ቴስትቤንቱን ለውጠን `start`ን 6 ማይክሮ ሰከንድ ላይ ስናነሣው አጭሩ መነሻ በሥዕሉ ላይ ወዲያው ታየ።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው `start` ሲመጣ ወዲያው ሳይጀምሩ ቀጣዩን `tick` መጠበቅ ነው። ይሠራል፤ ዋጋውም እስከ አንድ ቢት የሚደርስ መዘግየት ነው፤ ለቁልፍ ምንም አይደለም። ሁለተኛው ባይቱ በተጫነ ቅጽበት ቆጣሪውን ወደ 0 መመለስ ነው። ተቀባዩ ሰዓቱን ከመውረዷ ቅጽበት እንደሚያስነሣ ሁሉ ላኪውም ከዚያችው ቅጽበት ያስነሣ ማለት ነው። እኛ ይህን መረጥን፤ ቆጣሪውና መደርደሪያውም በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ገቡ። የሚያስፈልጉት ምልክቶች እነዚህ ናቸው።

```vhdl
constant DIV : integer := 868;
signal cnt  : integer range 0 to DIV-1 := 0;
signal bits : integer range 0 to 10 := 0;
signal sh   : std_logic_vector(9 downto 0)
              := (others => '1');
```

ሥራው ደግሞ ይህ ነው።

```vhdl
tx   <= sh(0);
busy <= '0' when bits = 0 else '1';

process (clk)
begin
  if rising_edge(clk) then
    if bits = 0 then
      if start = '1' then
        sh   <= '1' & data & '0';
        bits <= 10;
        cnt  <= 0;
      end if;
    elsif cnt = DIV-1 then
      cnt  <= 0;
      sh   <= '1' & sh(9 downto 1);
      bits <= bits - 1;
    else
      cnt <= cnt + 1;
    end if;
  end if;
end process;
```

`bits` ስንት ቢት እንደቀረ ይቆጥራል። 0 ከሆነ ላኪው ሥራ ፈት ነው፤ `start` ካየ መደርደሪያውን ሞልቶ፣ 10 ብሎ፣ ቆጣሪውን ከ0 ያስነሣል። ሥራ ላይ ከሆነ ግን `start`ን ጭራሽ አያይም፤ ይህን አስታውሱት፣ ኋላ እንመለስበታለን። ቆጣሪው 867 ሲደርስ አንዴ ይንሸራተታል። በዐሥረኛው መንሸራተት ላይ `bits` ወደ 0 ይመለሳል። አንድ ባይት ከመነሻ እስከ ማብቂያ 8680 ምት፣ ማለትም 86.8 ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል።

`DIV-1` የተባለበትን ቦታ ብዙ ሰው `DIV` ብሎ ይጽፈዋል። ከ0 እስከ 868 ያለው 869 ምት ነው፤ አንድ ይበልጣል። የሚገርመው በእኛ ፍጥነት ይህ ስሕተት አይታይም። ተቀባዩ ማብቂያውን የሚያየው ከመውረዷ 9.5 ቢት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሚከማቸው ልዩነት ግማሽ ቢት ካልሞላ ንባቡ ትክክል ነው። 0.5ን ለ9.5 ብናካፍለው 5 በመቶ ያህል ነው፤ እሱንም ላኪና ተቀባይ ይካፈሉታል። ከ868 አንድ ምት ማለት 0.12 በመቶ ስለሆነ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ክሎኩ ዝግ ያለ ሆኖ አካፋዩ 10 ቢሆን ኖሮ ግን ያችው አንዲት ምት 10 በመቶ ትሆንና ሁሉን ታበላሽ ነበር። ስለዚህ አስተካክላችሁ ጻፉት፤ ዛሬ ስላልታየ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ስለ ቁልፉ ባጭሩ። ጣት ለአንድ አፍታ ሲጫን ክሎኩ ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ `start` ግን ለአንድ ምት ብቻ መነሣት አለበት። አለበለዚያ ጣታችሁን እስክታነሡ ድረስ `A` በ`A` ላይ ትከመራለች። ቁልፉም ራሱ ሲጫን ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይንቀጠቀጣል። ምልክቱን በሁለት ፍሊፕ ፍሎፕ አሳልፈን፣ ለ10 ሚሊ ሰከንድ ሳይለወጥ እስኪቆይ ጠብቀን፣ ከ0 ወደ 1 በተሻገረበት ምት ብቻ `start`ን አነሣነው። የፒኑንም ነገር አንርሳ። በቤሲስ 3 ላይ `tx` የሚወጣው በ`A18` ሲሆን በቦርዱ ፋይል ውስጥ ስሙ `RsTx` ነው። በዚያው አምራች ሌላ ቦርድ፣ በአርቲ ላይ፣ ያው ከኤፍፒጂኤው የሚወጣው ሽቦ `uart_rxd_out` ይባላል፤ ስሙ የወጣው በተቀባዩ ዓይን ነው። ይህን ያገላበጠ ሰው የተበላሸ ፊደል እንኳ አያይም፤ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል።

ዓርብ ጠዋት ቁልፉን ሃምሳ ጊዜ ተጫንን፤ ሃምሳውም `A` ሆነ። ወረቀቱ የጠየቀው ይህን ብቻ ነው። አራተኛዋ ግን «`A` ለማን ትጠቅማለች? ሰላም ይበል እንጂ» አለች። ተከራከርናት፣ ተሸነፍን።

የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። የዕብራይስጥ ፊደል ሁለት ባይት ነው። ስለዚህ ሻሎም በዕብራይስጥ አራት ፊደል ሆኖ 8 ባይት ሲሆን፣ «ሰላም» ሦስት ፊደል ሆኖ 9 ባይት ነው።

```
E1 88 B0   E1 88 8B   E1 88 9D
```

ለላኪው ሁሉም ያው ባይት ነው፤ ፊደል ይሁን ሌላ አያውቅም። የሚያስፈልገው ዘጠኙን ባይት ተራ በተራ የሚያቀርብ ትንሽ ፕሮሰስ ነው። «ላኪው ሥራ ፈት ከሆነ ቀጣዩን ስጠው» ብለን በ`busy` ብቻ ጻፍነው። ስክሪኑ ላይ የወጡት የጥያቄ ምልክት የመሰሉ ነገሮች ናቸው። አሁንማ ተምረናል፤ ወዲያው ሄክሱን አየን።

```
E1 B0 88 E1 9D
```

ከዘጠኙ አምስት። ከላይኛው ጋር ስናስተያየው አንዱ ደርሶ አንዱ ይጠፋል፤ የደረሱት አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አምስተኛው፣ ሰባተኛውና ዘጠነኛው ናቸው። የደረሱት ራሳቸው አልተበላሹም፤ ስለዚህ ችግሩ ከሽቦዋ በፊት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አቅራቢው `start`ን ባነሣበት ምት ላኪው ገና አላየውም፤ የሚያየው በቀጣዩ ምት ነው፣ `busy`ም የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በመሐል ባለችው አንዲት ምት አቅራቢው `busy` አሁንም 0 መሆኑን ያይና ሁለተኛውን ባይት አቅርቦ ተራውን ያሳልፋል። ላኪው ግን በዚያን ጊዜ ሥራ ጀምሯል፤ ሥራ ላይ ሲሆን `start`ን አያይም ብለናል። ሁለተኛው ባይት እዚያው ጠፋ።

```vhdl
if busy = '0' and start = '0' and i < 9 then
  data  <= msg(i);
  start <= '1';
  i     <= i + 1;
else
  start <= '0';
end if;
```

የተጨመረው `start = '0'` የሚለው ብቻ ነው፤ «አሁን ጠይቄ ከሆነ አንዲት ምት ልታገሥ» እንደማለት ነው። ቁልፉ ሲጫን `i`ን ወደ 0 የሚመልሰውን መስመር እዚህ አላስገባነውም። ዘጠኙ ባይት በ115200 ፍጥነት 781 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይወስዳሉ፤ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ነው።

ዓርብ ሰንበት ሳይገባ የመጨረሻውን ሙከራ አደረግን። ተርሚናሉን ወደ ዩቲኤፍ-8 መለወጥ ረስተን ስለነበር መጀመሪያ የወጣው ሌላ የማይነበብ ነገር ነው፤ በሄክስ ግን ዘጠኙም ባይት በተራቸው ነበሩ፤ ስለዚህ ኮዱን አልነካነውም። ተርሚናሉን አስተካክለን ቁልፉን ስንጫን «ሰላም» ወጣ። እሑድ ጠዋት ፈታኙ መጥቶ አንዴ ተጫነ፣ `A` ወጣች፣ ፈረመ። ሁለተኛውን ቁልፍ እንዲጫን ጠየቅነው፤ ተጫነና ስክሪኑን ጥቂት ተመልክቶ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ጠየቀን።